አንድ ሰው አራት ፓነል ላይ ሲመደብ፦ የጉባኤ መርሐ ግብር ሳይጋጭ እንዴት ይሠራል?

ጥያቄ፦ «በሐዋሳ ለሁለት ቀን በሚካሄድ የሐይቆች ጉባኤ የፕሮግራም ኮሚቴ አባል ነኝ። ዘጠኝ ፓነል፣ ሦስት አዳራሽና አራት ክፍለ ጊዜ አለን። ተናጋሪዎቹን በቴሌግራም ግሩፕ ‹መቼ ይመቻችኋል?› ብለን ስንጠይቅ አብዛኞቹ ‹በማንኛውም ሰዓት› አሉን። መርሐ ግብሩን ስናወጣ ግን አንዳንዶቹ በአንድ ሰዓት ሁለት አዳራሽ ውስጥ ተመድበው ተገኙ። አንዱን ስናስተካክል ሌላው ይበላሻል። አራተኛ አዳራሽ እንከራይ ወይስ ሶፍትዌር እንግዛ?»

ምላሽ፦ ሁለቱም አያስፈልጉም። አራተኛ አዳራሽ መከራየት እንዲያውም ችግሩን ያባብሰዋል፤ ምክንያቱም አዳራሽ ሲጨመር በአንድ ሰዓት ጎን ለጎን የሚካሄዱት ፓነሎች ይበዛሉ፤ እነሱ በበዙ ቁጥር አንድ ሰው ሁለቱ ውስጥ የመገኘት ዕድሉ ይሰፋል። የተደራረበ ተናጋሪን የሚያላቅቀው ጊዜ ብቻ ነው። ኮሚቴዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት ስሌቱን ከአዳራሽ በመጀመራቸው ነው፤ ዘጠኝ ፓነል ለሦስት አዳራሽ ሲካፈል ሦስት ክፍለ ጊዜ ይበቃል፣ እኛ ደግሞ አራት አለን፣ ስለዚህ ሰፊ ነው ይላሉ። መቁጠር ያለበት ግን ከሰው ነው። አራት ፓነል ላይ ያለ ተናጋሪ አራት የተለያዩ ክፍለ ጊዜዎች ያስፈልጉታል፤ በአራቱም ሐዋሳ ውስጥና ነፃ መሆን አለበት። ከአራቱ በአንዱ ከቀረ፣ አዳራሹ መቶ ቢሆን ያ መርሐ ግብር ሊሠራ አይችልም። ሶፍትዌርም ቢሆን የተሰጠውን መረጃ ብቻ ነው የሚያሰላው፤ «በማንኛውም ሰዓት» የሚለውን መልስ ቢያስገቡለት የተሳሳተውን መርሐ ግብር አሳምሮ ያወጣልዎታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥገና ጥያቄያችሁ ላይ ነው። ሰው በግሩፕ ፊት «መቼ ይመቻችኋል?» ሲባል የሚሰጠው መልስ ይሉኝታ ያለበት ነው። በተለይ ተጋባዡ ታላቅ ሰው ከሆነ «ለእኔ ብላችሁ አትቸገሩ» ማለት ወጉ ነው፤ ዓርብ ጠዋት የሚያስተምረው ክፍል እንዳለው የሚያስታውሰው መርሐ ግብሩ ከታተመ በኋላ ነው። ክፍለ ጊዜዎቹን አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው በግል «ከእነዚህ አራቱ በየትኞቹ መገኘት ፈጽሞ አይችሉም?» ብላችሁ ላኩ። ለእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ሦስት ምርጫ ብቻ ይኑር፦ እችላለሁ፣ ባይሆን ይሻለኛል፣ አልችልም። መሃለኛው ምርጫ ሲቀር ሰዎች ያልተመቻቸውን ሁሉ «አልችልም» ውስጥ ይከቱትና መፍትሔ ሊኖረው የሚችለው ሰንጠረዥ ይዘጋል። ምክንያቱን አትጠይቁ፤ አስፈላጊው ነገር የሚገቡበትና የሚወጡበት ሰዓት ነው። «ዓርብ አለሁ» ያለ ሰው ከአዲስ አበባ ዓርብ ማለዳ በመኪና የሚነሣ ከሆነ የጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ላይ የለም።

ሰዓቱን ተናጋሪው ራሱ እንዲጽፍ አትፍቀዱ፤ የተዘጋጀ ሳጥን ላይ ምልክት ያድርግ። «ዓርብ 3 ሰዓት» ብሎ የጻፈ ሰው ጠዋት ይሁን ከሰዓት በኋላ ማለቱ አይታወቅም፤ ጉግል ፎርም የሰዓት መሙያው የሚሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ግማሹ ሰው ቀይሮ ግማሹ ሳይቀይር ይሞላዋል። ከመልሶቹ የትኛው የትኛው እንደሆነ በኋላ መለየት አይቻልም። በሳጥኑ አጠገብ «ዓርብ ከሰዓት፣ ከ8:30 እስከ 10:00 (በዓለም አቀፍ ሰዓት 14:30–16:00)» ብላችሁ ሁለቱንም አስፍሩ። ከውጭ በኢንተርኔት የሚቀርብ ተናጋሪ ካለ የእሱን አገር ሰዓት ራሳችሁ አስሉለት፤ ስታሰሉም በጉባኤው ቀን ያለውን ልዩነት ተጠቀሙ። የአውሮፓ አገሮች በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመልሱ፣ ፎርሙ በተሞላበት ሳምንት ከእኛ በአንድ ሰዓት ብቻ ወደ ኋላ የነበረው ጀርመን የሚኖር ተናጋሪ፣ ጉባኤው በጥቅምት መጨረሻ ላይ ቢውል በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ክፍለ ጊዜዎቹን ስትቆርጡ ዓርብ የጁምዓ ሶላት ሰዓትን ከምሳው ጋር አያይዛችሁ ክፍት ተዉት። ቅዳሜን የሚያከብሩ አድቬንቲስት ተናጋሪዎች ካሉም ይህ በፎርሙ ላይ በ«አልችልም» ይወጣል፤ ሳይጠየቁ ግን ላይናገሩት ይችላሉ። በምሳሌዬ የምጠቀምባቸው አራት ክፍለ ጊዜዎች እነዚህ ናቸው፦ ጊዜ 1 ዓርብ ጠዋት ከመክፈቻው በኋላ ከ4:30 እስከ 6:00፣ ጊዜ 2 ዓርብ ከሰዓት ከ8:30 እስከ 10:00፣ ጊዜ 3 ቅዳሜ ከ2:30 እስከ 4:00፣ ጊዜ 4 ቅዳሜ ከ4:30 እስከ 6:00።

ወደ ሰንጠረዥ ከመግባታችሁ በፊት ብዙ ኮሚቴ የማያየው አንድ ወጥመድ አለ፤ እሱም የስም አጻጻፍ ነው። አንዱ አስተባባሪ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው «ሃይሉ» ብሎ ቢጽፍ ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኤክሴል ግን ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሦስት ሰዎች ደግሞ እርስ በርስ አይጋጩም። ፀሐይና ጸሐይ፣ ዓለሙና አለሙ፣ ሠናይትና ሰናይት ሁሉ እንዲሁ። በተቃራኒው በስምና በአባት ስም የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎች አንድ ሆነው ተቆጥረው የሌለ ግጭት ይፈጥራሉ። የእናንተ ዝርዝር ከየፓነሉ አስተባባሪ ተሰብስቦ የተገጣጠመ ከሆነ፣ ካገኛችኋቸው ግጭቶች በላይ ያላገኛችኋቸው እንደሚኖሩ እገምታለሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ስጡ፣ ቁጥሩን ከስልክ ቁጥሩ ጋር አያይዙ፣ ከዚያ በኋላ በማንኛውም ሰንጠረዥ ላይ ግጭት የሚፈለገው በቁጥሩ ብቻ ይሁን።

አሁን የእናንተን መጠን የሚያህል ጉባኤ ወስጄ ላሳይ። ፓነሎቹ የውሃ ጥራት፣ ዓሣ፣ ደለል፣ ሕግ፣ ጤና፣ ቱሪዝም፣ ከተማ፣ መረጃና ወጣቶች ናቸው እንበል። አንድ ፓነል ላይ ብቻ ያሉትን ተናጋሪዎች ለጊዜው እንተዋቸው፤ እነሱ እርስ በርስ የሚጋጩበት ነገር የለም፤ በኋላ የሚፈተሸው የማይችሉበት ጊዜ ብቻ ነው። የሚታዩት ከአንድ በላይ ፓነል ያላቸው ናቸው። ቁጥር 4 የውሃ ጥራት፣ ዓሣ፣ ደለልና ሕግ ላይ አለ፤ የሚገባው ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ነው። ቁጥር 11 የውሃ ጥራትና ጤና ላይ ሆና ዓርብ ማታ ትመለሳለች። ቁጥር 17 ሕግ፣ ቱሪዝምና ከተማ ላይ ሲሆን ጊዜ 4ን አይችልም። ቁጥር 23 ዓሣና ቱሪዝም ላይ ሆኖ ቅዳሜ ብቻ ይገኛል። ቁጥር 8 ጤናና ከተማ፣ ቁጥር 31 ዓሣና መረጃ ላይ አሉ፤ ሁለቱም ሁሉንም ጊዜ ይችላሉ።

አንድም ፓነል ሳትመድቡ የእያንዳንዱን ሰው የፓነል ብዛት ከነፃ ክፍለ ጊዜው ብዛት ጋር አነጻጽሩ። ቁጥር 4 አራት ፓነል አለው፤ ነፃ የሆነው ግን በጊዜ 2፣ 3 እና 4 ብቻ ነው። አራት ነገር በሦስት ቦታ አይገባም። ኮሚቴያችሁ «አንዱን ስናስተካክል ሌላው ይበላሻል» ያለው ምናልባት ይህንን ነው፤ መፍትሔ የሌለውን ነገር ስታገለባብጡት ግጭቱ ቦታ ይቀያይራል እንጂ አይጠፋም። እዚህ ላይ የሚጠየቀው በየትኛው ፓነል ላይ ሚናው በሌላ ሰው ሊተካ ይችላል የሚለው ነው። ጥናቱን የሚያቀርብ ሰው በቀላሉ አይተካም፤ አወያይ ግን ይተካል። ቁጥር 4 ሕግ ላይ ያለው በአወያይነት ከሆነ ከዚያ አንሡትና ሌላ አወያይ ፈልጉ። ስለዚህ በዝርዝራችሁ ላይ ከስሙ አጠገብ ሚናው መጻፉ ግዴታ ነው፤ «ተሳታፊ» የሚል ጅምላ ቃል ምንም አይጠቅምም።

ከዚህ በኋላ ምደባው የሚጀምረው ምርጫ ከሌለው ፓነል ነው። የውሃ ጥራት ቁጥር 4 ስላለበት ከጊዜ 1 ውጭ፣ ቁጥር 11 ስላለችበት ደግሞ ዓርብ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ጊዜ 2 ላይ ብቻ ያርፋል። ቁጥር 11 የቀራት ዓርብ ጠዋት ስለሆነ ጤና ጊዜ 1 ይሆናል። ቱሪዝም ቁጥር 17 ከጊዜ 4 ውጭ፣ ቁጥር 23 ቅዳሜ ብቻ ስላሉ ጊዜ 3 ላይ ይወድቃል፤ ያኔ የቁጥር 23 ሌላው ፓነል፣ ዓሣ፣ ጊዜ 4 ይሆናል። ለቁጥር 4 የተረፈው ጊዜ 3 ብቻ በመሆኑ ደለል እዚያ ይገባል። ቁጥር 17 ጊዜ 1ና ጊዜ 2 ቀርተውታል፤ ከተማ ግን ቁጥር 8 ጤና ላይ ስላለ ጊዜ 1 ሊሆን አይችልም፤ ከተማ ጊዜ 2፣ ሕግ ጊዜ 1 ይሆናሉ። መረጃ ከዓሣ ጋር ቁጥር 31ን ስለሚጋራ ከጊዜ 4 በቀር የትም ይሆናል፤ ወጣቶች ማንንም ስለማይጋራ እንደ ልብ ነው። መረጃን ጊዜ 1፣ ወጣቶችን ጊዜ 4 ላይ አስቀምጫለሁ፤ ምክንያቱም ባዶ አዳራሽ በኋለኞቹ ጊዜያት ሲተርፍ ይጠቅማል፤ የዘገየ ፓነል ወደ ቀጣዩ ጊዜ ይገፋል እንጂ ወዳለፈው አይመለስም።

ውጤቱን አስተውሉ። በጊዜ 2፣ 3 እና 4 አንዳንድ አዳራሽ ባዶ ቀርቷል፤ ያም ሆኖ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ፓነሎች በስተቀር የሰባቱ ቦታ አንድና አንድ ብቻ ነበር። አዳራሽ እየተረፈ ምርጫ አልነበረም። ኮሚቴው ግን ምደባውን ከወጣቶችና ከመረጃ ቢጀምር ኖሮ፣ ወይም እንደ ተለመደው የክብር እንግዳ ያለበትን ፓነል አስቀድሞ ዓርብ ጠዋት ላይ ቢሰካው ኖሮ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ተቆልፎ እንደገና ለመጀመር ሊገደድ ይችል ነበር።

ይህንን በወረቀት መሥራት ይቻላል፤ በየቀኑ ለውጥ ስለሚመጣ ግን የሚፈትሽ ሰንጠረዥ መኖሩ ግድ ነው። በኤክሴል ወይም በጉግል ሺትስ ሦስት ገጽ ክፈቱ። Panels በሚለው ገጽ ላይ የፓነሉ ስምና የተመደበበት ጊዜ (1፣ 2፣ 3 ወይም 4) ይጻፋል። Busy በሚለው ገጽ ላይ የሰው ቁጥርና የማይችልበት ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ የማይቻል ጊዜ አንድ መስመር። በዋናው ገጽ ላይ ለአንድ ሰው በአንድ ፓነል አንድ መስመር ይሁን፤ A ላይ የሰው ቁጥር፣ B ላይ ፓነል ይግባ። አራት ፓነል ያለው ሰው አራት መስመር ይኖረዋል ማለት ነው። ከዚያ በ C2፣ በ D2 እና በ E2 በቅደም ተከተል እነዚህን አስገብታችሁ ወደ ታች ጎትቱ፦

```
=VLOOKUP(B2,Panels!A:B,2,FALSE)
=IF(C2=0,0,COUNTIFS(A:A,A2,C:C,C2))
=COUNTIFS(Busy!A:A,A2,Busy!B:B,C2)
```

የመጀመሪያው የፓነሉን ጊዜ ያመጣል፤ ጊዜ የሚቀየረው Panels ላይ ብቻ ስለሆነ አንዱ መስመር ተስተካክሎ ሌላው የሚረሳበት መንገድ የለም። ሁለተኛው ሰውየው በዚያ ጊዜ ስንት ቦታ እንደተመደበ ይቆጥራል፤ 1 ከሆነ ደኅና ነው፣ 2 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግጭት አለ። IF የተጨመረበት ምክንያት ገና ያልተመደበ ፓነል ጊዜው በኤክሴል 0 ሆኖ ስለሚመጣና ያልተመደቡት ሁሉ እርስ በርስ የተጋጩ መስለው ስለሚታዩ ነው። ሦስተኛው «አልችልም» ባለበት ጊዜ መመደቡን ያሳያል፤ ከ0 በላይ ከሆነ ፓነሉ ተሳስቷል። «ባይሆን ይሻለኛል» ያሉትን Busy ላይ አትጻፉ፤ ለብቻ ያዙትና ከሁለት እኩል አማራጮች አንዱን ስትመርጡ ብቻ ተመልከቱት።

ዋናው ገጽ ላይ ተናጋሪዎች ብቻ ከተጻፉ ሥራው ጎደሎ ነው። የመክፈቻ ንግግር አድራጊ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ በተለይም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የራሳቸው ቁጥርና መስመር ይኑራቸው። አስተርጓሚው አንድ ሰው ሆኖ ሁለት ፓነል አስተርጓሚ የሚሹ ከሆነ ሁለቱ ፓነሎች ተናጋሪ እንደሚጋሩ ሁሉ ይጋጫሉ፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው በዕለቱ ነው።

አዳራሽ የሚደለደለው ጊዜው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በተከታታይ ጊዜያት የሚቀርብ ሰው በተቻለ መጠን አንድ አዳራሽ ውስጥ ይቆይ። በምሳሌያችን ቅዳሜ ከደለል ወደ ዓሣ የሚሄደው ቁጥር 4፣ ከቱሪዝም ወደ ዓሣ የሚሄደው ቁጥር 23 ነው፤ ሁለቱንም ማስቀመጥ ስለማይቻል ላፕቶፕና ስላይድ ይዞ የሚያቀርበው ይቆይ፣ በውይይት ብቻ የሚሳተፈው ይዙር። አዳራሾቹ አንድ ግቢ ውስጥ ከሆኑ የግማሽ ሰዓቱ የሻይ ዕረፍት ይበቃል። አንዱ አዳራሽ ሌላ ሆቴል ውስጥ ከሆነ ግን ወደዚያ መመደብ ያለባቸው ከተደራራቢ ተናጋሪ ነፃ የሆኑ ፓነሎች ብቻ ናቸው፤ የመጀመሪያው ፓነል በሰዓቱ እንደማያልቅ አስቀድሞ ስለሚታወቅ የጉዞ ጊዜ በሻይ ዕረፍት አይሸፈንም።

ይህ ዘዴ የማያየው ነገርም አለ። «እችላለሁ» ብሎ ያልመጣን ሰው አይለይም፤ ሁለት ፓነል ለመከታተል የፈለገ አድማጭ መቸገሩንም አያሳይም። ለመጀመሪያው የሚረዳው ማረጋገጫ ነው። መርሐ ግብሩ ከመታተሙ በፊት ከአንድ በላይ ፓነል ላላቸው ሰዎች ብቻ ስልክ ደውሉ፤ በምሳሌው ስድስት ሰዎች ናቸው። የሁሉንም ሰንጠረዥ አትላኩላቸው፤ የራሳቸውን ቀን፣ ሰዓት፣ አዳራሽና ሚና ብቻ አንብቡላቸው። ሰው ትልቅ ሰንጠረዥ ሲላክለት ስሙን አንድ ቦታ ካገኘ በኋላ ማንበቡን ያቆማል፤ ሁለተኛው ቦታ ላይ ያለው ስሙ ሳይታይ «ተስማምቻለሁ» ይላል።

ምክሬ ይህ ነው። አዳራሹንም ሶፍትዌሩንም ተዉት። በዚህ ሳምንት ለሰዎቹ ቁጥር ስጡ፣ ሚናቸውን ጻፉ፣ ፎርሙን በግል ላኩ፣ የፓነል ብዛታቸው ከነፃ ጊዜያቸው የበለጠውን ሰዎች ለዩና ከአወያይነት አንሡ፤ ከዚህ በፊት አንድም ፓነል አትመድቡ። ለአንድ ሰው ከሦስት ፓነል በላይ አትፍቀዱ፤ አራት ክፍለ ጊዜ ባለው ጉባኤ አራት ፓነል የያዘ ሰው አንድም ነፃ ክፍለ ጊዜ አይተርፈውም፤ እሱ ሲቀር ደግሞ የጉባኤው አራት ፓነሎች አብረው ይጎድላሉ።

መርሐ ግብሩ ከወጣ በኋላ ለውጥ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነካው ሰው እንጂ ፓነል አይሁን። ቁጥር 4 ዓርብ መንገድ ላይ ቢዘገይና ጊዜ 2 ላይ ባይደርስ፣ የውሃ ጥራትን ወደ ቅዳሜ ማዛወር የሚያምር መፍትሔ ይመስላል፤ ጊዜ 3 ላይ ባዶ አዳራሽም አለ። ነገር ግን እሱ ራሱ በዚያ ሰዓት ደለል ላይ ነው፣ ቁጥር 11 ደግሞ ዓርብ ማታ ሄዳለች። ስለዚህ በቅደም ተከተል የሚሞከረው፦ ጽሑፉን አብሮት የሠራው ባልደረባ ያቅርብ፤ ካልሆነ የፓነሉ የመጨረሻ ተናጋሪ ይሁን፤ ካልሆነ መኪናውን አቁሞ በስልክ ይቅረብ። ፓነሉን ማንቀሳቀስ የሚታሰበው እነዚህ ሦስቱ ካልተሳኩ ነው፤ ያኔም አዲሱን ጊዜ መጀመሪያ Panels ላይ ጽፋችሁ D ላይ ከ1 የበለጠ፣ E ላይ ከ0 የበለጠ ቁጥር አለመውጣቱን ሳታዩ ለማንም አትንገሩ።